ሰነፏን ስጠኝ

መርካቶ ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ በጅምላ በሚሸጥበት ሱቅ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ሊለቅ ነበር። «እኔ እዚህ ያለሁት ለጊዜው ነው» ይላል። ለጊዜው ሲል ሲል ፀጉሩ ሳሳ። ለጊዜው ያለ ሰው የጨርቅ ጣቃ አያነሳም፣ አቧራ አያራግፍም፣ ደንበኛ ሲገባ ከስልኩ ቀና አይልም። የሥራ ፈተና ሲኖረውና ፈቃድ ሲያስፈልገው ዘመድ ይሞትበታል። እኔ እዚያ ሱቅ ስገባ አክስቶቹን ቀብሮ ጨርሶ ወደ አጎቶቹ ተሻግሮ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን የድሮ ወዳጃቸው ልጅ ስለሆነ ለማባረር ያፍራሉ። እሳቸውን አንቱ የምለው አፌ ስለለመደው ነው እንጂ ልቤ ካቆመ ቆይቷል።

እኔም ልለቅ ወስኜ ነበር። ምክንያቱ ረጅም አይደለም። ጋሼ ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍቱ ኃላፊ እንደሚያደርጉኝ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ሳልጠይቃቸው ጭምር። ሱቁ ሲከፈት ግን ከሳቲንና ከቬልቬት የቱ የቱ እንደሆነ የማያውቅ የእህታቸውን ልጅ አስቀመጡበት። ለእኔ የተረፈኝ በምርቃቱ ቀን ለስላሳ ማደል ነበር። አደልኩ። ጠርሙሱን ሰብስቤም መለስኩ። በማግስቱ የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ።

ሱቃችን ጣሪያው ሥር የእንጨት ቆጥ አለው። ጣቃዎቹ የሚደረደሩት እዚያ ነው። ቆጡ ላይ የወጣ ሰው ከታች አይታይም፤ ከታች የሚባለውን ግን አንድም ሳይቀር ይሰማል። ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ወጥቼ፣ ጀርባዬን ለጣቃ አስደግፌ ስልኬ ላይ የሥራ ማስታወቂያ እፈልግ ነበር። ከምሳ ሰዓት ውጭ አልነካውም። ይህን ደንብ ያወጣሁት ለጋሼ አዝኜ አይደለም። ባልደረባዬን ስለማየው ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ይውላል፤ ሥራ ፍለጋው ራሱ ሥራ ሆኖበት፣ ያንንም እንደ ሱቁ ሥራ በዳተኝነት ነበር የሚሠራው። አንዴ ያስገባውን ሲቪ ሳየው የራሱን ስልክ ቁጥር አሳስቶ ጽፎታል።

ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ቻናሎች በየመሃሉ ምክር ጣል ያደርጋሉ። የምትለቁትን ሥራ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ውደዱት ይላሉ፤ ከሥሩ የምትስቅ ልጅ ፎቶ አለ። ይህን የጻፈው ሰው ጣቃ በትከሻው ይዞ መሰላል ወጥቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። እኔ ሥራውን አልወደድኩትም። በደንብ ግን እሠራው ነበር። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ የምትስቅ ልጅ ፎቶ አያስፈልገኝም።

በደንብ መሥራት ስል የማወራው ስለ ጸሐይ ነው። የመጋረጃ ጨርቅ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንድ ዓይነት ቀለም የሚባሉ ሁለት ጣቃዎች አብረው ካልተነከሩ ትንሽ ይለያያሉ። በሱቅ መብራት ልዩነቱ አይታይም። ሰፊው ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ መስኮት ላይ ሲሰቅለው ግን ብርሃን ይገባና የግራው ወይን ጠጅ፣ የቀኙ ጡብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጩኸት ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ማን ይመልሳል? መፍትሔው ሁለቱን ጣቃ ደጅ አውጥቶ ጸሐይ ላይ ማስተያየት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣቃ ግን ይከብዳል፤ ደጃችን ላይ ደግሞ ተሸካሚው፣ ጋሪውና ገበያተኛው ስለሚጋፋ ጨርቅ ዘርግቶ ለመቆም ክርን ያስፈልጋል። ባልደረባዬ በዚህ ሁሉ ፈንታ አንድ ዓረፍተ ነገር አለው። «አንድ ነው፣ እመነኝ» ይላል፣ ተቀምጦ።

መጀመሪያ የተጠራሁት ቦሌ ካለ የቤት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነበር። ጥርሴን አመመኝ ብዬ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ሄድኩ። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ነው። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የት እንደማየው ጠየቀችኝ። የትም ቢሆን ከቆጥ በታች፣ ማለት ፈልጌ ነበር። ስለ ሽያጭና ስለ ደንበኛ አያያዝ የተማርኩትን ተናገርኩ፤ ወደደችው። ፎርሙ ላይ አሁን የምሠራበትን ቦታ ስሞላ፣ ከመወሰናችሁ በፊት እባካችሁ እንዳትደውሉ ብዬ ለመንኳት። «አታስቢ» አለችኝ በፈገግታ።

ደወለች። እኔ ቆጥ ላይ ነበርኩ። አንድ መጋረጃ ሰፊ አንድ ቀለም አዝዞ ኖሮ ጣቃ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ልወርድ ስል የጋሼ ስልክ ጮኸ። «አዎ፣ እዚህ ነው የምትሠራው» ሲሉ እግሬ መሰላሉ ላይ ቀረ።

«ምን ልበልሽ፣ እህቴ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን አስገብተው። «ሰው ማማት አልወድም። ግን ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ? ዳተኛ ናት። ሲያዟት ታኮርፋለች። ጣቃ አታነሳም።»

ጣቃው ትከሻዬ ላይ ነበር። እስኪጨርሱ እዚያው ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ አዩኝ፤ ጣቃውንም አዩ። ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ስለ ስልኩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እንደዚያ ነው ነገሩ፤ ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን አውቄያለሁ ካሉ ለምን እንደምለቅ መስማት ሊመጣ ነው። በዚያ ፈንታ ምሳ ይጋብዙኝ ጀመር። የሽሮ ሒሳብ እንኳ ከፍለውልኝ የማያውቁ ሰው በሁለት ቀን አንዴ ጥብስ ያስመጡልኛል፣ «ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል» ይሉኛል። ጥብሱን በላሁት፤ ሰውየው ቢያማኝ ሥጋው ምን አጠፋ? ከቦሌ ግን ለቦታው ሌላ ተወዳዳሪ እንደመረጡና መልካም ዕድል እንደሚመኙልኝ የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰኝ። የዚያን ዕለት ቆጡ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። እዚያ ጣሪያ ሥር፣ አቧራ ስውጥ፣ ሽበት ሲወረኝ ታየኝ።

ባልደረባዬ ሲያየኝ ጊዜ ገባው። ለነገር ሲሆን ቶሎ ይገባዋል።

«ሞኝ ነሽ እኮ» አለኝ። «ጋሼ እንዲቆይላቸው የሚፈልጉትን ሰው ነው የሚያሙት። እንዲሄድላቸው የሚፈልጉትን ያመሰግናሉ። እኔን ስንት ቦታ አመስግነውኛል መሰለሽ! አንዴማ ‹ልጄ ቢሆን እመኝ ነበር› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቀጠርክም?»

«ዕድል ነዋ» አለ። የጠየቁት ሁሉ የመርካቶ ነጋዴዎች እንደነበሩ፣ የመርካቶ ነጋዴም አሠሪ ሠራተኛውን ከመጠን በላይ ሲያመሰግን ኪሱን እንደሚይዝ አልተገለጸለትም። ከዚያ ምክሩን ለገሰኝ። «አንቺም ስነፊ። አርፍደሽ ግቢ፣ ጣቃ አታንሺ፣ ደንበኛ መልሺ። ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ። የሚቀጥለው ሲደውል ራሳቸው አሞግሰው ይሸኙሻል። ለምትለቂው ሥራ ደግሞ ምን አንገበገበሽ?»

የሚያስቀው ነገር ምክሩ ትክክል መሆኑ ነው። ማታ በታክሲ ወደ ቤቴ ስሄድ አገላብጬ አሰብኩት፤ አንድም ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ጎበዝ ስሆን ቀጣሪ እንዲሸሸኝ ይደረጋል፤ ሰነፍ ስሆን እንዲወስደኝ ይለመናል። በማግስቱ አርፍጄ ገባሁ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳይ ባልደረባዬ የወንድምነት ፈገግታ ፈገግ አለልኝ፤ ወንበሬን ትንሽ አራቅሁ።

ያኔ ነው አንድ የቆየ ደንበኛችን የሆነ ሰፊ የገባው። መሳለሚያ አካባቢ መጋረጃ የሚሰፋ ትልቅ ሰው ነው፤ ለአንድ እንግዳ ማረፊያ የሚሆን ብዙ ሜትር ፈልጎ ከአንድ ጣቃ በላይ ሊወስድ ነው። ባልደረባዬ ሁለት ጣቃ ከቅርቡ ጎትቶ «አንድ ነው፣ እመነኝ» አለው። ሰፊው ግን እሱን ትቶ እኔን አየኝ። የእኔን መነሣት ይጠብቃል።

ልቀመጥ እችል ነበር። ግን ጋሼ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር፤ ስልኩ ላይ ያሉት ትዝ አለኝ፣ ጣቃ አታነሳም። ብቀመጥ እውነተኛ ላደርጋቸው ነው። ያን ያህል ውለታ ደግሞ ከእኔ አያገኙም። ውሸታም ይሁኑ፣ በየቀኑ፣ ዓይናቸው እያየ። ተነሣሁና ሁለቱን ጣቃ ደጅ አውጥቼ ዘረጋኋቸው። ጸሐዩ ላይ አንደኛው አረንጓዴ፣ ሌላኛው የታመመ አረንጓዴ ሆነ። ቆጥ ወጥቼ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የተነከረ ጓደኛውን ፈልጌ አወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልለቀው የወሰንኩትን ሥራ በንዴት ነበር የምሠራው፤ በፍቅር ከሚሠሩትም ሳይበልጥ አይቀርም።

ሰፊው ጨርቁን ሲያስጭን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚሠራላቸው እትዬ አዲስ ሱቅ እየከፈቱ መሆኑንና የሚያምኑት ሰው እንዳጡ ነገረኝ። እትዬ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው በጨርቅ ንግድ ያረጁ፣ የልብስ ስፌት ቤትም ያላቸው ሴት ናቸው። ከጋሼ ጋር ዕቃ ይሸጣጣሉ። እሑድ ሱቃችን ሲዘጋ መሳለሚያ ቤታቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ብዙም አልጠየቁኝም፤ ሳቲን እንዴት እንደሚታጠፍ እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምሆን ማወቅ አልፈለጉም። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል፣

«አሠሪሽን እጠይቀዋለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ እባክዎ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ጎረቤት ሱቆቹን፣ ሰፊዎቹን...»

«የለም። አንቺን ያየሽ እሱ ነው፤ እሱን እጠይቃለሁ። ሰው ከቤት ሲወጣ ተጠይቆ ነው።»

በቃ አለቀ አልኩ። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «በይ አሁን ስነፊ! ገና ጊዜ አለሽ! ዛሬውኑ አንድ ደንበኛ አስቀይሚ!» ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበታል፤ እሱ ከልቡ ነበር። እኔ ግን የጀመርኩትን መተው አልቻልኩም። ዝናብ የነካቸውን ጣቃዎች አውርጄ አናፈስኩ፤ አብረው የተነከሩትን አንድ ላይ ደርድሬ ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ክር አሰርኩባቸው። እያንዳንዷን ክር ስቋጥር፣ ይህችም ስሜን ታጠፋልኛለች እል ነበር።

እትዬ ሳይደውሉ መጡ። እንደልማዴ ቆጥ ላይ ነበርኩ። ነጠላቸውን ሰብስበው ጣቃ ላይ ሲቀመጡ በሳንቃው ክፍተት አየኋቸው። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤና፣ ልጆች፣ ዶላር፣ ጉምሩክ። ከዚያ፣

«ሰው ጠፋብኝ» አሉ። «ሁለት ሠራተኛ አለህ። አንዱን ስጠኝ።»

ጋሼ ወዲያው ተነቃቁ። «ይሄን ልጅ ይውሰዱት!» አሉ፤ ባልደረባዬ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። «ወርቅ ነው። እጁ ፈጣን፣ አፉ ጨዋ። ዛሬውኑ ይዘውት ቢሄዱ ቅር አይለኝም።»

«ልጅቷስ?»

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። እኔም ቆጡ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። «እትዬ፣ እርስዎን አልዋሽም። እሷን እንኳ ይተዉልኝ። ታኮርፋለች። ታረፍዳለች። ከደንበኛ ጋር ትጣላለች። ትናንት ጣቃ አውርጂ ብላት ራሷን ይዛ ተኛች። እኔ ነኝ የተሸከምኳት፣ ለአላህ ብዬ!»

ለሙስሊሟ እትዬ ሲሉ በአላህ ጭምር አመኻኙ። ከዚህ በላይ ታምቼ አላውቅም፤ ከአንዲቷ ቀን በቀር አርፍጄ አላውቅም፤ መጣላትንማ እዚያው ፈጠሩት። ልወርድና ፊታቸው ልቆም ፈልጌ የመሰላሉን ጫፍ ያዝኩ።

እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ይህን ያህል ዘመን ለምን አላባረርካትም ታዲያ?» አሉ።

ጋሼ ደጁን አዩ፤ ደጁ አልረዳቸውም። «እ... ምስኪን ናት ብዬ...» አሉ።

«አንተ?» አሉ እትዬ። ከአፋቸው የወጣው ይህችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ውስጧ ግን አብረው የነገዱበት ዘመን ሁሉ ነበረበት። ጋሼ በሕይወታቸው ለምስኪን ያደረጉት ነገር ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ከዚያ እትዬ ተነሡ፣ ከቆጡ የወረደባቸውን አቧራ ከቀሚሳቸው አራገፉ። «በል ወርቁን አንተ ያዝ። እኔ ሰነፏን ስጠኝ።»

ወደ በሩ ሲሄዱ ቀና ብለው ቆጡን አዩ። «ነይ ውረጂ፣ ልጄ» አሉ። «አቧራው ሳንባሽን ይጨርሰዋል።»

ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠሁ። ጋሼ ወረቀቱን ሳያነቡ መሳቢያ ከተቱት፤ የዚያን ቀን ጥብስ አልመጣም፣ ሽሮም አልመጣ። ወሩን ሙሉ ሥራዬን ሠራሁ። ባልደረባዬ በየጠዋቱ እንደ ጉድ ያየኛል። «አሁንማ ተቀጥረሻል፤ ማንን ለማሳየት ነው?» ይላል። ልመልስለት ሞክሬ ተውኩት። ለሱ ሥራ የሚባለው ነገር ሁሉ ለሚያይ ሰው የሚሠራ ነው፤ ሰው ካላየው ለምን ይደክማል? የክሩን ነገር ላሳየው ፈለግሁ፣ አብረው የተነከሩት የቶቹ እንደሆኑ። «እሺ፣ እሺ» እያለ ስልኩን ያይ ነበር።

ፍትሕ አለ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህን ይስማ። በዚያው ወር የቦሌው ድርጅት ሌላ ማስታወቂያ አወጣ፣ ባልደረባዬም አመለከተ። በዚህኛው ስልኩን አስተካክሎ ጽፎታል። ያቺው ፈገግተኛ ልጅ ደወለች፤ ጋሼ ድምፃቸው እስኪንቀጠቀጥ አመሰገኑት። የመርካቶን አማርኛ የሚተረጉምላት ሰው አልነበራትም። ቀጠረችው። መስታወት በመስታወት የሆነው ሕንፃ ውስጥ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ፣ አሁንም ለጊዜው ተቀምጧል ብዬ እገምታለሁ። ስንፍና አያዋጣም የሚል ካለ አድራሻውን እሰጠዋለሁ።

ጋሼ ሁለታችንንም በአንድ ወር አጡ። የመጨረሻዬ ቀን ማታ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ሰጡኝ። እንደማንኛውም ማስረጃ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሁ ይላል፣ ማኅተም አለው። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል ቆጡን ቀና ብለው አዩ። ክሮቹ በየጣቃው ጫፍ ተንጠልጥለዋል።

«አንቺ ልጅ» አሉ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ ያን ቀንም አልጠሩኝም።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«በዚህ ሁሉ ዘመን እንዳንቺ አድርጌ ያማሁት ሰው የለም።»

እንዲህ ብለው ፊታቸውን አዞሩና የመዝጊያውን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። አመሰግናለሁ አልኩና ወጣሁ።

በዚያ ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና ያ ነው። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አበሸቀኝ፤ ለዚህ ሰው አፍ ያን ያህል ቦታ መስጠቴን እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም ነበር። በገበያው መሃል እየተጋፋሁ እስከ መሳለሚያ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስደግመው ነበር፤ ዳተኛ ናት፣ ታኮርፋለች፣ ጣቃ አታነሳም።